ስልክዎ በእጅዎ፣ ቁጥርዎ በሌላ ሰው እጅ፦ የሲም ቅየራ ማጭበርበርን የመለያና የመከላከያ መመሪያ

ስልክዎ ከኪስዎ ሳይወጣ፣ ሲም ካርዱም ከቦታው ሳይነቃነቅ ቁጥርዎ ሊወሰድ ይችላል። ምክንያቱም ቁጥሩ ያለው ሲሙ ውስጥ አይደለም። ትንሿ ቺፕ የያዘችው ካርዱ ራሱን ለኔትወርኩ የሚያስተዋውቅበትን መለያና አብሮት ያለውን ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። የትኛው ስልክ ቁጥር በየትኛው ካርድ ላይ እንደሚሠራ የሚጻፈው በቴሌኮሙ መዝገብ ላይ ነው። ሲም ጠፍቶብዎ ምትክ ሲያወጡ ሠራተኛዋ የምታስተካክለው ያንን መዝገብ ነው፤ ቁጥሩን ከድሮው ካርድ ታነሣና አዲሱ ላይ ታደርገዋለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጥሪውም አጭር መልእክቱም ወደ አዲሱ ካርድ ይሄዳል። የድሮው ካርድ ተራ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል።

የቁጥር ጠለፋ የሚባለው ይህ የዘወትር አገልግሎት በእርስዎ ስም ለሌላ ሰው ሲሰጥ ነው። ሌባው በሐሰተኛ መታወቂያ ወይም በሐሰተኛ ውክልና ሱቅ ድረስ ይሄዳል፤ አለዚያ ከውስጥ የሚተባበረው ሠራተኛ ያገኛል። ካርድ የማያስፈልገው፣ ስልኩ ውስጥ የሚጫነው ኢ-ሲም በመተግበሪያ በሚሰጥባቸው አገሮች ደግሞ የደንበኛውን የቴሌኮም አካውንት ከፍቶ ከቤቱ ሆኖ ይጨርሰዋል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የእርስዎ ስልክ አልተነካም፣ ቫይረስም አልገባበትም። ስለዚህ ጸረ ቫይረስ መጫን ለዚህ ችግር ምንም አይፈይድም።

ሌባው የሚፈልገው ካርዱ ላይ ያለውን ሒሳብ አይደለም። የሚፈልገው ባንኩ፣ ኢሜይሉና ቴሌግራሙ ወደ ቁጥርዎ የሚልኩትን የማረጋገጫ ኮድ ነው።

አንድ ጠለፋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2024 የአሜሪካ የአክሲዮንና የገንዘብ ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የኤክስ ገጽ ተጠልፎ፣ ቢትኮይን ላይ የተመሠረቱ የኢንቨስትመንት ፈንዶች ጸደቁ የሚል የሐሰት መልእክት ወጣበት። የቢትኮይን ዋጋ ወዲያው ከ1,000 ዶላር በላይ ጨመረ፤ መልእክቱ ሐሰት መሆኑ ሲነገር ደግሞ ከ2,000 ዶላር በላይ ወረደ። ነገሩ በፍርድ ቤት ስለታየ ሌቦቹ እያንዳንዱን እርምጃ እንዴት እንደሠሩ ይታወቃል።

የኤክስ ገጹ ከአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነበር። ሌቦቹ የዚያን ሰው ስምና ዝርዝር መረጃ አገኙ። በአላባማ የሚኖር አንድ ወጣት በመታወቂያ ማተሚያ ማሽን የግለሰቡን መረጃና የራሱን ፎቶ የያዘ ሐሰተኛ መታወቂያ ሠራ። ሀንትስቪል ከተማ ወደሚገኝ የስልክ ኩባንያ ሱቅ ሄዶ ስልኩ እንደተበላሸና አዲስ ሲም እንደሚያስፈልገው ተናገረ፤ ተሰጠው። ከዚያ ሌላ ሱቅ ገብቶ አዲስ አይፎን ገዛ፣ ሲሙን ከተተበት፣ ወደ ቁጥሩ የመጣውን የኤክስ ኮድ ለተባባሪዎቹ አስተላለፈ። ሥራው ካለቀ በኋላ ወደ በርሚንግሃም ነድቶ አይፎኑን መልሶ ገንዘቡን ተቀበለ። በሜይ 2025 የ14 ወር እስራት ተፈረደበት።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ኮምፒውተር ሰብሮ የገባ ሰው የለም። የመሥሪያ ቤቱ ገጽ ከይለፍ ቃል በተጨማሪ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቅበት መንገድ አስቀድሞ፣ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። በዚህም ምክንያት ቁጥሩን የያዘ ሰው የይለፍ ቃሉን ለመቀየር የሚያስፈልገው ወደዚያው ቁጥር የሚመጣው ኮድ ብቻ ሆነ። አዲስ አበባም ሆነ ዱባይ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ቢሆኑ የሚጠየቀው ያው ነው፤ ቁጥርዎን የያዘ ሰው በቁጥሩ ብቻ ምን ምን መክፈት ይችላል?

ምልክቶቹ

ከቅየራው በፊት ብዙውን ጊዜ መረጃ የሚለቅም ስልክ ይደወላል። ደዋዩ ከቴሌ ወይም ከባንክ ነኝ ይላል። ሙሉ ስም ከነአያት፣ የልደት ዘመን፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ መጨረሻ የሞሉት ካርድ ስንት ብር እንደነበር ይጠይቃል። እነዚህ ለምትክ ሲም የሚያስፈልጉ ወይም ሠራተኛን የሚያሳምኑ መረጃዎች ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ ያልጠየቁት የማረጋገጫ ኮድ በመልእክት ከመጣልዎ፣ ወይም ስለ ሲም ለውጥ የሚያሳውቅ መልእክት ከደረሰዎ፣ ነገ እጠይቃለሁ ብለው አይተዉት።

አንዳንዴ ደግሞ ከማይታወቁ ቁጥሮች ጥሪ ይዥጎደጎዳል። ዓላማው ተማርረው ስልክዎን እንዲያጠፉት ነው። ስልኩ ጠፍቶ ሳለ ሲሙ ቢቀየር ኔትወርክ መጥፋቱን አያዩም።

ዋናው ምልክት ግን የኔትወርክ መጥፋት ነው። አንድ ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚሠራው በአንድ ካርድ ላይ ስለሆነ፣ ሌባው ካርድ ላይ ሲበራ የእርስዎ ላይ ይጠፋል። ስክሪኑ ላይ `No Service`፣ `SOS` ወይም `Emergency calls only` የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሰው የሚዘናጋው ቤቱ ወይም ቢሮው በዋይፋይ ላይ ሲሆን ነው። ቴሌግራሙ ይገባል፣ ዩቲዩቡ ይሠራል፣ ስልኩ ደህና ይመስላል፤ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው ጥሪ እንዳልገባለት የሚያስተውለው። ስለዚህ ከዋይፋዩ ምልክት አጠገብ ያሉትን የኔትወርክ መስመሮች የማየት ልማድ ይኑርዎ።

እርግጥ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ጠለፋ ነው ማለት አይደለም። ለመለየት አምስት ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ የአውሮፕላን ሁነታን ከፍተው ሰላሳ ሰኮንድ ያህል ቆይተው ይዝጉት። ካልተመለሰ አጠገብዎ ያለ፣ የእርስዎን ኔትወርክ የሚጠቀም ሰው ስልክ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ። የእሱም ከጠፋ ችግሩ የአካባቢው ነው። የእሱ እየሠራ የእርስዎ ከጠፋ፣ በእሱ ስልክ ወደ ራስዎ ቁጥር ይደውሉ። እጅዎ ላይ ያለው ስልክ ዝም ብሎ በወዲያ በኩል ከጠራ፣ ወይም ሰው ካነሣው፣ ቁጥርዎ ሌላ ስልክ ላይ ነው ያለው፤ ወይም ጥሪዎ ወደ ሌላ ቁጥር ዞሯል። «ማግኘት አይችሉም» የሚል ድምፅ ቢሰሙም ነጻ ነዎት ማለት አይደለም፤ ሌባው ኮዱን ተቀብሎ ስልኩን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። የጎረቤትዎ ኔትወርክ እየሠራ የእርስዎ ብቻ ከጠፋ ወደ ቴሌኮሙ መደወል አለብዎት።

ኔትወርክ ሳይጠፋ የሚሆን ጠለፋ

ከሲም ቅየራ ጋር የሚምታታ ሌላ ዘዴ አለ፤ ጥሪ ማዞር ይባላል። ደዋዩ «ሽልማትዎን ለመቀበል ይህን ኮድ ይጫኑ» ወይም «መስመርዎን እናስተካክል» ብሎ በ`**21*` የሚጀምርና በ`#` የሚያልቅ ቁጥር እንዲመቱ ያደርጋል። መሐል ላይ ያለው የእሱ ስልክ ቁጥር ነው። ከመቱት በኋላ ወደ እርስዎ የሚደወለው ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። አጭር መልእክት በዚህ መንገድ አይዞርም፤ ነገር ግን ዋትስአፕን የመሰሉ አገልግሎቶች ኮዱን በድምፅ ጥሪ የመስጠት አማራጭ ስላላቸው ያ በቂው ነው። የእርስዎ ኔትወርክ ግን እንዳለ ነው፤ መደወልም ይችላሉ።

ጥሪዎ ዞሮ እንደሆነ ለማየት የመጀመሪያውን፣ ማዞሪያዎችን በሙሉ ለመሰረዝ ሁለተኛውን ይምቱ፦

```
*#21#
##002#
```

የመጀመሪያው መልስ ላይ የማያውቁት ቁጥር ካዩ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፣ ከዚያ ይሰርዙ። ሁለተኛው ኮድ «ካላነሣሁ ወደ ሌላው ስልኬ ይሂድ» ብለው ራስዎ ያዘዙትንም እንደሚያጠፋ ይወቁ።

አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ

መጀመሪያ ቁጥሩ በማን ስም እንደተመዘገበ ያረጋግጡ። አገር ቤት ብዙ ሰው ወንድሙ ያወጣለትን ወይም ድሮ ከሱቅ የገዛውን ሲም ለዓመታት ይጠቀማል። ጠለፋ በደረሰ ቀን መታወቂያ ይዘው ሲሄዱ ሠራተኛው የሚያየው የሌላ ሰው ስም ከሆነ ቁጥሩን አስመልሶ መውሰድ ከባድ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ በስሙ የተመዘገበው ሰው በሕጋዊ መንገድ ምትክ ማውጣት መቻሉ ነው። ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሄዳችሁ ስም አስዛውሩ። መታወቂያዎ ላይ ያለው ስምና መዝገቡ ላይ ያለው ስም በፊደል አጻጻፍ ጭምር መመሳሰሉን እዚያው ያስመልክቱ።

ሁለተኛው ሥራ ሲሙ ላይ ፒን ማድረግ ነው። ይህ በቴሌኮሙ ቢሮ የሚደረገውን የሲም ቅየራ አይከላከልም፤ የሚከላከለው የመንገድ ነጠቃን ነው። ስልክዎን የነጠቀ ሰው ስክሪኑን መክፈት ባይችልም ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ከከተተ ኮዶቹ ሁሉ ይደርሱታል። ፒን ካለው ግን ስልኩ ሲበራ ይጠይቀዋል። አይፎን ላይ `Settings > Cellular > SIM PIN` ውስጥ ነው፤ አንድሮይድ ላይ ቅንብሮች ውስጥ ገብተው `SIM lock` ብለው ይፈልጉት። መጀመሪያ የሚጠየቁት ከካርዱ ጋር የመጣውን ፒን ነው። በግምት አይሞክሩ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ካርዱ ይቆለፍና ፒዩኬ የሚባለውን ባለ 8 አኃዝ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ እሱንም 10 ጊዜ ከተሳሳቱ ካርዱ ለዘለዓለም ይሞታል። ሁለቱም ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ ሲሙ ተሰብሮ የወጣበት ትልቁ ፕላስቲክ ላይ ይገኛሉ፤ ከሌለዎ ቴሌኮሙን ይጠይቁ።

አሜሪካ ለሚኖሩ ሰዎች የቢሮ ቅየራውን ራሱን የሚዘጋ ቁልፍ አለ። በቬራይዘንና በቲ-ሞባይል መተግበሪያ ውስጥ `SIM Protection`፣ በኤቲ ኤንድ ቲ ደግሞ `Wireless Account Lock` ይባላል። ሲያበሩት ቁጥሩን ወደ ሌላ ካርድ ማዛወር ይታገዳል። አዲስ ስልክ ሲገዙ ራስዎ ገብተው ያነሡታል፤ ሲጨርሱ መልሰው ማብራት እንዳይረሱ። የመተግበሪያው ይለፍ ቃል ሌላ ቦታ ከሚጠቀሙበት ጋር አንድ ከሆነ ግን ቁልፉ ብዙም አይጠቅምም።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ሥራ ኮዶቹን ከቁጥሩ ላይ ማውረድ ነው። በኢሜይል ይጀምሩ። ሌሎቹ ሁሉ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ሲባሉ ማስተካከያ የሚልኩት ወደ ኢሜይል ስለሆነ፣ ኢሜይሉ ክፍት ሆኖ ሌላውን መቆለፍ ከንቱ ድካም ነው።

በጎግል አካውንትዎ `Security` ገጽ ላይ `2-Step Verification` ውስጥ ገብተው `Authenticator` የሚለውን ይምረጡ፤ በስልክዎ ላይ በጫኑት የኮድ ማመንጫ መተግበሪያ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ካሬ ኮድ ይቃኙ። መተግበሪያው በየ30 ሰኮንዱ የሚቀየር ባለ 6 አኃዝ ኮድ ይሠራል። ኮዱን የሚያሰላው በመጀመሪያ ቀን ከተሰጠው ምስጢርና ከስልኩ ሰዓት ነው። ከሲሙ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ትክክለኛ ኮድ አስገብተው «የተሳሳተ ነው» ከተባሉ ብዙውን ጊዜ የስልኩ ሰዓት ተዛብቶ ነው፤ ሰዓቱን ራሱ እንዲያስተካክል ያድርጉት።

ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። መተግበሪያውን ይጨምርና ስልክ ቁጥሩን እዚያው ይተዋል። ሌባው `Try another way` የሚለውን ሲጫን ገጹ በአጭር መልእክት ልላክልህ ይለዋል፤ ድካሙ ሁሉ ውኃ በላው። ስለዚህ መተግበሪያው መሥራቱን አንዴ ወጥተው በመግባት ካረጋገጡ በኋላ ቁጥርዎን ከሁለተኛ ማረጋገጫውም፣ ከአካውንት መመለሻውም ያውጡት። ከማውጣትዎ በፊት ግን `Backup codes` የሚለውን ከፍተው የሚሰጥዎትን 10 ኮዶች በወረቀት ይጻፉ። እያንዳንዱ የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው። ወረቀቱን ከፓስፖርትዎ ጋር ያኑሩት፤ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር መግቢያዎ እሱ ነው።

ቴሌግራም ከቁጥሩ ሊላቀቅ አይችልም፤ ነገር ግን በኮዱ ላይ የይለፍ ቃል መጨመር ይቻላል። `Settings > Privacy and Security > Two-Step Verification` ውስጥ ገብተው ያስቀምጡ፤ መመለሻ ኢሜይል ሲጠይቅዎ አሁን የቆለፉትን ኢሜይል ይስጡት። መተግበሪያውን ለመክፈት የሚደረገው መቆለፊያ ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ ጠለፋን አያቆምም። ዋትስአፕ ላይ ደግሞ `Settings > Account > Two-step verification` ውስጥ ባለ 6 አኃዝ ፒን ያስገቡ፤ እዚህም ኢሜይል ይጨምሩ።

እንደ ቴሌብር፣ ኤም-ፔሳና የባንክ የሞባይል አገልግሎት ያሉት ቁጥሩን ከመሠረታቸው ስለሚይዙ ማውጣት አይቻልም። እዚያ የቀረዎት መከላከያ የምስጢር ቁጥሩ ብቻ ነው። የልደት ዓመት፣ የስልኩ መጨረሻ አኃዞች ወይም 1234 አይሁን። ለማንም በስልክ አይነገርም፤ እውነተኛ ሠራተኛ አይጠይቅምና። የሞባይል ቦርሳው ውስጥ የሳምንት ወጪ ያህል ብቻ ይያዙ፤ ቀሪውን ከሞባይል ጋር ባልተያያዘ ሒሳብ ያስቀምጡ። ነጋዴ ከሆኑና ቁጥርዎ ታፔላና ቢዝነስ ካርድ ላይ ካለ፣ ለባንክ ማንም የማያውቀው ሁለተኛ ሲም ቢያወጡና ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ውስጥ ከተው ቤት ቢያስቀምጡት ይመረጣል። በየጊዜው ካርድ ይሙሉበትና ይደውሉበት።

ይህ የመጨረሻው ነገር ውጭ አገር ላሉ ሰዎች ይበልጥ ያስፈልጋል። ሳይሞላና ሳይሠራበት የቆየ ቁጥር ይዘጋል፤ ቆይቶም ለአዲስ ደንበኛ ይሸጣል። ማንም ሳያጭበረብር የእርስዎ ቴሌግራም መግቢያ ኮድ ለማያውቁት ሰው ይደርሳል ማለት ነው። ከአገር ሲወጡ ወይም የድሮው ሲም መሥራት ሲያቆም ባንኩን፣ ኢሜይሉንና ቴሌግራሙን ወደሚጠቀሙበት ቁጥር ያዛውሩ። ቴሌግራም ላይ `Change Number` የሚለው መልእክትዎንና ቡድኖችዎን ይዞ ይሻገራል።

ቁጥሩ ከተወሰደ

ቅደም ተከተሉ አስፈላጊ ነው። በሌላ ሰው ስልክ መጀመሪያ ቴሌኮሙ ጋ ይደውሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው። «ኔትወርክ ጠፋብኝ» ካሉ ስልክዎን አጥፍተው ያብሩ ይባላሉ። ይልቁንም እንዲህ ይበሉ፦ «ቁጥሬ ያለ እኔ ፈቃድ ሌላ ሲም ላይ ተቀይሯል፤ አሁኑኑ ይዘጋልኝ።» ያነጋገሩበትን ሰዓትና የተሰጠዎትን የማመልከቻ ቁጥር ይጻፉ። ቀጥሎ የሞባይል ገንዘቡንና ባንኩን ያሳግዱ፤ ቴሌብር 127፣ ንግድ ባንክ 951።

ከዚያ ዋይፋይ ፈልገው በራስዎ ስልክ ኢሜይሉን ይክፈቱ፣ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፣ ሌሎች መሣሪያዎችን ሁሉ ያስወጡ። ቴሌግራም ገና ከተከፈተልዎ በምንም ምክንያት `Log out` አይበሉ፣ መተግበሪያውንም አያጥፉ። አዲስ የገባ መሣሪያ ቀድሞ የነበረውን ለማስወጣት 24 ሰዓት መጠበቅ ስላለበት፣ በዚያ ቀን ጉልበቱ ያለው እርስዎ ጋ ነው። `Settings > Devices` ውስጥ ገብተው `Terminate All Other Sessions` ይበሉ፤ ወዲያው የይለፍ ቃል ያስቀምጡ። ዋትስአፕ ግን ሌላ ስልክ ላይ ሲመዘገብ እርስዎን ያስወጣል፤ ቁጥሩ እስኪመለስ ምንም ማድረግ አይቻልም። ለቤተሰብና ለወዳጅ «ከእኔ ቁጥር ብር ላኩ የሚል ቢመጣ እኔ አይደለሁም» ብለው በሌላ ሰው ስልክ ያስነግሩ።

ይህን እንደጨረሱ መታወቂያ ይዘው በአካል ወደ አገልግሎት ማዕከል ይሂዱ። አዲስ ሲም ሲወስዱ ያለፈው ቅየራ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሱቅ፣ በምን ማስረጃ እንደተሠራ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ፖሊስም ባንክም የሚጠይቅዎት ይህንኑ ነው። እምቢ ካሉ የጠየቁበትን ቀንና የሠራተኛውን መለያ መዝግበው በፖሊስ በኩል ይጠይቁ።

ቁጥሩ ሲመለስ ዋትስአፕን እንደገና ይመዝግቡ። ሌባው የራሱን ፒን አስቀምጦበት ከሆነ 7 ቀን ይጠብቁ ይባላሉ፤ ሆኖም በመልእክት የመጣውን ኮድ እንዳስገቡ እሱ ከአካውንቱ ወጥቷል። አዲሱ ካርድ ላይ `*#21#` መትተው ጥሪ አለመዞሩን ይዩ። በመጨረሻም ጂሜይል ውስጥ `Forwarding` እና `Filters` የሚሉትን ገጾች ይክፈቱ። ወደ ውጭ የሚያስተላልፍ አድራሻ ወይም ከባንክ የሚመጣውን በቀጥታ ወደ ቆሻሻ የሚጥል ትእዛዝ ካገኙ ይሰርዙት፤ የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን እነዚህን አያነሣቸውም።